ከረጢቱና የእማዬ እጅ

ሥራዬ ተኳሽነት ነው። ይህን ስናገር ሰው ቀድሞ ወገቤን ያያል፤ እኔ ግን የምተኩሰው በካውያ ነው። በጠባቧ የልብስ ማጠቢያ ቤታችን ውስጥ ከሸሚዝ ኮሌታ በቀር ያቃጠልኩት የለም፤ እሱም ድሮ ነው፣ ባለሸሚዙም ይቅር ብሎኛል።

ቤቱ የሦስታችን ነው። ከፊት፣ መስታወቱ አጠገብ፣ እኔ ከነጠረጴዛዬ እቆማለሁ። መካከሉ ላይ ባለቤቴ ማሽኖቿን ታሽከረክራለች። ከኋላ፣ ብርሃን ከጣራ በሚገባበት ጓዳ ውስጥ፣ እናቴ ሳፋዎቿን ደርድራ ዝቅ ባለች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ጂንስ፣ የምግብ ቤት የጠረጴዛ ልብስ ወደ ባለቤቴ ይሄዳል። ሐርና ዳንቴል ወደ እናቴ። ይህን ድንበር ማንም አላሰመረውም፤ የተሻገረው ግን ያውቀዋል።

እናቴ ማሽን ትጠላለች ማለት አይደለም። ለአንሶላ ትፈቅድለታለች። «ጉልበት አለው፤ ጨዋነት ግን የለውም» ትላለች፣ ስለ አንድ ጎረምሳ የምታወራ ይመስል። ሐር በእጅ ካልታጠበ ታጠበ አይባልም ባይ ናት። ሳሙናው አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፣ ከዚያ ሐሩ ይገባል፤ በመዳፍ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ይደረጋል እንጂ አይታሽም፤ ሲወጣም እንደ መጥረጊያ ጨርቅ ተጠምዝዞ አይጨመቅም፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃውን ፎጣው ይጠጣለታል። ይህን ሁሉ ሳትናገር ትሠራዋለች። ከተናገረች ደግሞ አታቆምም።

ባለቤቴ በበኩሏ አንድ ቀን የመረብ ከረጢቶች ገዝታ መጣች። ነጭ ናቸው፣ ዓይናቸው ጥቃቅን፣ አፋቸው ላይ ዚፕ ያለባቸው። ለእናቴ ዘርግታ አሳየቻት። «ሐሩ እዚህ ውስጥ ይገባል፣ እማማ። ከሌላ ልብስ ጋር አይፋተግም፣ አይጠላለፍም። ማሽኑን ስስ ልብስ የሚለው ላይ አደርገዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያገላብጠው፣ መጭመቁንም ዝቅ አደርገዋለሁ።» እናቴ አንዱን ከረጢት ተቀብላ ገለበጠችው፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፣ «ጎበዝ፣ ጥሩ ነገር ገዛሽ» አለች። በማግስቱ ከረጢቱ ሽንኩርት ተሞልቶ ጓዳው በር ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። «አየር ያስገባል» አለች። ባለቤቴን ሳቅና ንዴት እኩል መጡባት፤ ሳቁ ቀደመ እንጂ ያን ቀን ቤቱ አይበቃንም ነበር።

እንዲህ ሆነን ደህና ነበርን። እውነቴን ነው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ደስተኛ ሰው ነበርኩ። አማትና ምራት ይነካካሉ፣ እኔ ካውያዬን እገፋለሁ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ይሸፍንልኛል። ዝም አይነቅዝም። የሁለቱን ነገር በዝምታ ያሳደርኩት ብዙ ነው።

ነገሩ የመጣው በአከራይዋ በኩል ነው። አከራይዋ የሙሽራና የሚዜ ልብስ የምታከራይ ሴት ናት፤ ከደንበኞቻችን ሁሉ ትልቋ እሷ ስትሆን፣ ስስ ልብሷን በሙሉ እኛ ዘንድ ነው የምትልከው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሐር ቀሚስ ይዛ ገባችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ልትጮህ የመጣች አልመሰለችም። ጣቷን ወገቡ ላይ አሳረፈችና «እስቲ በዚህ በኩል እይ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክር ተመዟል። ጭረት የምታህል ቀጭን መስመር፣ ከአጠገቧ ሌላ፣ ዝቅ ብላ ደግሞ ሌላ። ከሩቅ አይታይም፤ ሙሽራ ፊት ብርሃን ሲያርፍበት ግን ያበራል።

«አንዴ ቢሆን ከሚዜዋ ቀለበት ነው ብዬ እተወው ነበር» አለች። «አሁን ግን ደጋገማችሁት። ከእናንተ ሲመጣ ገና ከላስቲኩ ሳላወጣው ነው ያየሁት። ማሽን ውስጥ እየከተታችሁት ከሆነ ንገሩኝ፤ አልቀየምም፤ ግን ልወቀው።»

እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ቀሚሱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ባለቤቴን አየች።

«እኔ በገዛ እጄ ነው ያጠብኩት» አለች። «ከእጄ ከወጣ በኋላ የት እንደዞረ እንጃ።»

«እማማ፣ እኔ አልነካሁትም።»

«ነካሽ አላልኩም። እንጃ ነው ያልኩት።»

እናቴ «እንጃ» ስትል ፍርድ ሰጥታ ጨርሳለች ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ታውቃለች። ፊቷ ጠቆረ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ማሽኗን ከፍታ ያልታጠበ ፎጣ ታወጣና ትመልስ ጀመር። እኔ ካውያው ግሎ እንደሆነ ለማወቅ በጣም ሥራ በዛብኝ።

አከራይዋ ልትወጣ ስትል ዘወር አለች። «አንድ ትልቅ ሰርግ አለብኝ። የሚዜዎቹ ቀሚስ ሁሉ ሐር ነው፤ ሙሽራዋ ደግሞ የአያቷን የዳንቴል ዓይነ ርግብ ነው የምትከናነበው። አሮጌ ነው፣ ሌላ አይገኝለትም። ለናንተ ልስጥ ወይስ ሌላ ቤት ልፈልግ? ተነጋገሩበት።» በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ በኃይል ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ከወጣች በኋላ እናቴ ቆማ ቀረች። «ሐር ማሽን ከነካው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ፣ «እኔ ሳፋዬን ገልብጬ ቤቴ እቀመጣለሁ። ያኔ ለሁላችሁም ይቀላችኋል።»

እውነት ለመናገር ከአከራይዋ መቅረት ይልቅ ይህ አስፈራኝ። እናቴ መቀመጥ አትችልም። አንድ ጊዜ ጉንፋን አስተኝቷት ቤት ስትውል፣ ማታ ስገባ የመስኮቱን መጋረጃ አውልቃ አጥባ፣ አድርቃ፣ መልሳ ስታጥበው አገኘኋት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ለሐዘኗም ለደስታዋም መቀመጫዋ ያቺ ዝቅ ያለች ወንበር ናት። ሳፋው ቢነሳባት እናቴ ምን ይዛ ትውላለች?

መፍትሔው ከባለቤቴ መጣ። ያኮረፈች መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያሰበች ነው። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ወንበሯ ላይ ሳትደርስ መንገድ ላይ ያዘቻት።

«እማማ፣ ለምን እንጨቃጨቃለን? አከራይዋ ቀሚሱን ስታሰፋ የተረፈ ሐር አላት፤ ከአንድ ጣቃ የወጣ። ሁለት ቁራጭ ልለምናት። አንዱን እርስዎ በእጅ ይጠቡት፣ አንዱን እኔ በከረጢት። ክሩን የመዘዘው ይታወቃል።»

እናቴ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። «ምስኪን» አለች። «እሺ፣ አምጪ። ኋላ ግን እንዳታለቅሺ።»

ሁለቱ ቁራጮች መጡ፤ አንድ ዓይነት፣ ፍጹም ንጹሕ። በኛ ቤት ልብስ እንዳይቀላቀል ጠርዙ ላይ በመርፌ ባለቀለም ክር እንቋጥርበታለን። እናቴ የራሷ ላይ ቀይ ክር ቋጠረች፣ ባለቤቴ የሷ ላይ ሰማያዊ። እኔ ዳኛ ተባልኩ። ሹመቱን አልፈለግሁትም፤ ግን ማን ጠይቆኝ።

ሁለቱም ሲያጥቡ ቆሜ አየሁ። ባለቤቴ ቁራጩን ገልብጣ ከረጢቱ ውስጥ ብቻውን ከተተችው። ዚፑን እስከ መጨረሻው ዘጋች፣ የዚፑንም መጎተቻ ልብሱን እንዳይቧጭር ከላዩ ባለችው ጨርቅ ስር ሸሸገችው። ለሐርና ለሱፍ የሚሆነውን ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት አፈሰሰች፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ስስ ልብስ፣ ዝቅተኛ መጭመቂያ። ማሽኑ እንደሌላ ጊዜው አልጮኸም፤ ትንሽ ያንቀሳቅስና ያርፋል፣ ያንቀሳቅስና ያርፋል። እናቴም በጓዳዋ፣ እንደሁልጊዜዋ። ጫን ለቀቅ። ጫን ለቀቅ። ዓይኔን አልነቀልኩም፤ አንዲት ስሕተት የለባትም። ስታለቀልቀው፣ በፎጣ ስትጠቀልለው፣ ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ነው። እሷ ታሸንፋለች ብዬ ደመደምኩ፤ ለባለቤቴም ከወዲሁ አዘንኩላት።

ሁለቱንም ጥላ ስር ባለው ገመድ ላይ አሰጧቸው። ገና እርጥበት ሳይለቃቸው ባለቤቴ አውርዳ ወደኔ አመጣቻቸው፤ ሐር ደርቆ ሲተኮስ እምቢተኛ ነው። በውስጥ በኩል፣ ካውያውን አቀዝቅዤ፣ ቀስ ብዬ ተኮስኩ። ከዚያ ገልብጬ ወደ መስታወቱ ያዝኳቸው።

ቀይ ክር ያለበት እንደ መስታወት ጠርቷል። ሰማያዊው ላይ ክር ተመዟል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ።

«በቃ» አልኩ። «የእማዬ ንጹሕ ነው። የማሽኑ ተመዟል።»

ባለቤቴ ትሟገታለች ብዬ ነበር። አፏን ስትከፍት የምታሸንፍ ሴት ናት። «ጥሩ» ብቻ አለች። «እማማ ልክ ነበሩ። ከእንግዲህ ከረጢቱን ለሐር አላነሳውም።» ይህን ብላ የምግብ ቤቱን የጠረጴዛ ልብስ ማጠፍ ቀጠለች። እንደተሸነፈ ሰው አትመስልም። እኔም ትንሽ ልቀልድባት ሞከርኩ፣ «ሽንኩርቱ ይሻል ነበር» አልኳት፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።

እናቴ ሁለቱን ቁራጮች ከእጄ ተቀበለች። ደስ ብሏት ስትደነፋ ለመስማት ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቀዩን ክር በጥፍሯ ነካ አደረገችው፣ አጠገቡ ያለውን ጨርቅም አየችው፣ ከዚያ ሰማያዊውን። ረጅም ጊዜ ቆመች። ሁለቱንም አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ጓዳዋ ገባች። ቀኑን ሙሉ ድምፅዋን አልሰማሁም። አሸናፊና ተሸናፊ እኩል ዝም ያሉበት ቤት አይቼ አላውቅም፤ እኔም በራሴ መተኮሻ ቤት እንግዳ ሆንኩ።

በማግስቱ አከራይዋ ልብሷን ላከች። ፈተናው በእናቴ አሸናፊነት መጠናቀቁን ባለቤቴ ራሷ ደውላ ነግራት ነበር፤ «ሁሉንም እማማ በእጃቸው ያጥቡታል፣ አይስጉ» ብላ። የሚዜዎቹ ቀሚሶች አንድ ላይ ተጠቅልለዋል፤ ዓይነ ርግቡ ለብቻው በነጭ ጨርቅ ነው የመጣው። እናቴ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። ዳንቴሉ የሻይ ወተት ቀለም ይዟል። ጠርዙ ላይ አበባዎች፣ መሃሉ አየር የሚመስል መረብ። ልትዳስሰው እጇን ዘረጋችና መንገድ ላይ አቆመችው። መለሰችው።

«ያቺን ከረጢት አምጪልኝ» አለች፣ ወደ ባለቤቴ ሳትዞር።

«የትኛዋን እማማ?»

«ሽንኩርት ያልገባባትን።»

ባለቤቴ አልተንቀሳቀሰችም። እናቴ ከኪሷ ሁለቱን ቁራጮች አውጥታ ዘረጋቻቸው። «ክሩ ቀይ ነው። ቋጠሮው ግን የኔ አይደለም» አለች። «እኔ ሁለቴ አዙሬ ከውስጥ ነው የምቋጥረው። ይሄ አንዴ የዞረ ነው፤ ያንቺ ቋጠሮ ነው። ከገመድ ስታወርጂ የኔን ተመዞ አገኘሽውና ክሩን አቀያየርሽው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ሁለቱንም በገዛ እጄ ተኩሼ ያየሁት ነገር አልነበረም።

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። «አዎ» አለች። «ቀድሜም ጠርጥሬ ነበር። ሻርፔን ሲያስተካክሉልኝ ጣትዎ ክሩን ያዝ ያደርገው ነበር። እርግጠኛ አልነበርኩም። ፈተናውን ያሰብኩት ስሜን ላጠራ ነው፤ ሳየው ግን እንዴት አድርጌ ልንገርዎት? ከሳፋው ሲነሱ የት ይቀመጣሉ?»

«እና እኔ ስምሽን ሳጠፋው ዝም ልትዪ ነበር?»

«ስሜ ይመለሳል፣ እማማ።»

እናቴ መዳፏን ዘረጋችና በቀሚሶቹ ሳይሆን በተበላሸው ቁራጭ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳበችው። ድምፅ አለው። ትንሽ፣ ደረቅ፣ ክርር የሚል። እጇን ገልብጣ አየችው። እኔም አየሁት። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ተነስቷል፤ መዳፏ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ደረቀ እንጀራ ሳይሆን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ስንት ጊዜ ያቺን እጅ ስሜ ወጥቻለሁ፤ እንዴት ሳላየው ቀረሁ?

«ቅባት ሐር ላይ ካረፈ ነጥቡ አይለቅም» አለች እናቴ። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ። የሰው ሐር የምትነካ ሴት እጇን ቅባት አታስነካም አለችኝ። ክረምት ሲሰነጠቅ፣ ሲደማ፣ አንድ ቀን አልተቀባሁም። ለሐሩ ብዬ። እና አሁን ሐሩን የምቧጭረው እኔ ነኝ?»

ይህን ስትል አንጀቴን በላችው። ባለቤቴ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አጠገቧ ቆመች፣ ትከሻዋ ትከሻዋን እስኪነካ። እናቴ አልሸሸችም።

ከዚያ እናቴ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠርጋ ቀና አለች። «ሥራ አለ» አለች።

ያ ቀን ከኖርኩት ቀን ሁሉ ደስ ያለኝ ነው ብል አጋነንክ እንዳትሉኝ። እናቴ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ መረመረች፤ እጇን ሳታስነካ፣ እኔ እየያዝኩላት። ውስጣቸው የተሰፋውን የአጠባበቅ ምልክት ባለቤቴን አስነበበቻት። ቀለማቸውን ነጭ ጨርቅ አርጥባ ከስፌቱ ጀርባ ጫን እያደረገች ፈተነች፤ የለቀቀ የለም። «እነዚህ አዲስ ናቸው፣ ክራቸው ጠንካራ ነው፤ ከረጢት ይችላሉ» አለች። «ግን አንድ ከረጢት አንድ ቀሚስ። አታጭቂው፤ ከታጨቀ ውሃ አይደርሰውም፣ ተጨማድዶ ይወጣል።» አንዱ ቀሚስ ትከሻው ላይ የብረት መንጠቆ ነበረው። መንጠቆውን አስቆለፈቻትና ቀሚሱን አስገለበጠቻት፤ «ክፍት ከሆነ መረቡንም ይነክሰዋል፣ ቀሚሱንም።» ባለቤቴ ጂንሶቿን ወደ ሌላኛው ማሽን ልትከት ስትል «ከነሱ ጋር እንዳትቀላቅያቸው ብቻ» አለቻት። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሁሉንም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማች ሆና «እሺ እማማ» አለች።

ዓይነ ርግቡ ሲደርስ ባለቤቴ ራሷ ሌላ ከረጢት አነሳች። እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ይሄ አይገባም።»

«ስስ ልብስ ላይ ቢሆንም?»

«ቢሆንም። አሮጌ ነው። እንዲህ ያለ ዳንቴል ሲርስ የራሱን ውሃ እንኳ መሸከም አይችልም፤ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ሲነሳና ሲወድቅ መረቡ ይበጠሳል። ይሄ በእጅ ነው።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች፤ «በማን እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ባለቤቴ እጇን አየች። ማሽን የሚያሽከረክር እጅ ነው፤ ለስላሳ ነው። ቀለበቷን አውልቃ ለኔ ሰጠችኝ።

እናቴ ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አስዘረጋቻት፣ ዓይነ ርግቡንም ከላዩ። ከዚያ ባለቤቴ ዙሪያውን በሰፋፊ ስፌት ከጨርቁ ጋር አያያዘችው፤ መርፌው በዳንቴሉ ክር መካከል ብቻ እንዲያልፍ፣ ክሩን እንዳይወጋ። ሰፊውን ጥልቀት የሌለውን ሳፋ ሞሉ። ሳሙናው ቀድሞ ሟሟ። ባለቤቴ ያቺን ዝቅ ያለች ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ እናቴ ከጀርባዋ ቆመች፤ ዳንቴሉን በጨርቁ ይዘው ወደ ውሃው አወረዱት።

«ጫን። ለቀቅ። አትሺ። ጨርቁን ነው የምትጫኚው፣ እሱን አይደለም። ጫን አልኩሽ እንጂ በቡጢ ምቺ አላልኩሽም። ለቀቅ። ውሃው ራሱ ይሥራ።»

«እንዲህ?»

«እንዲህ። አይ፣ እንዲያ አይደለም። አዎ፣ አሁን ያዝሽው።»

ካውያዬን ትቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እኔም ልማር?» ብል፣ እናቴ ሳትዞር «አንተ ካውያህን ጠብቅ፤ ይሸታል» አለች። ይሸት ነበር። ሮጥኩ።

ውሃው ቀለሙ ተቀየረ፤ የስንት ዓመት የቁም ሳጥን አቧራ ነው። ደጋግመው ቀየሩት። ሲያነሱት በጨርቁ አራት ማዕዘን ይዘው፣ ራሱን ዳንቴሉን ሳይጎትቱ፣ ፎጣ ላይ አሳረፉትና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ ተዉት። ነጭ አልሆነም፤ ነጭ እንዲሆንም አልፈለጉም። የጠራ የወተት ቀለም ሆነ፤ አበባዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው ታዩ።

እሱ ሲደርቅ ባለቤቴ ከቦርሳዋ የራሷን የእጅ ቅባት አውጥታ ከእናቴ ፊት ቆመች። እናቴ ሁለቱንም እጇን ከጀርባዋ ደበቀች፤ ክትባት እንደሚፈራ ልጅ። ባለቤቴ ጠበቀች። በስተመጨረሻ አንዱ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላው። ባለቤቴ በየስንጥቁ እየገባች፣ ጣት በጣት እያሻሸች ቀባቻት።

«የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ» አለች እናቴ። «አሁን በነዚህ ምን ልነካ?»

«ምንም። ዛሬ ምንም አይንኩ። ጣትዎን እየቀሰሩ ይዘዙን።»

«እሱንማ እችላለሁ» አለች።

አከራይዋ ራሷ ልትወስድ መጣች። ቀሚሶቹን እንደለመደችው ወደ መስታወቱ ይዛ፣ ወገባቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ጫፋቸውን አየች። አንድም አላገኘችም። ዓይነ ርግቡን ስታይ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«የእማማ እጅ» አለች በመጨረሻ። «እኔ መቼም ለማሽን አልሰጥም። ይኸው አየሁት።»

ባለቤቴ ቀና ብላ በዓይኗ ለመነችኝ፤ ምንም እንዳልል። እኔ የዝምታ ሰው ነኝ፤ ችግር አልነበረብኝም። እናቴ ግን ከጓዳ ወጥታ በቅባት የወዙ እጆቿን አከራይዋ ፊት ዘረጋቻቸው።

«በዚህ በኩል እዪ» አለቻት። «ቀሚስሽን የመዘዘው ይሄ እጅ ነው። ማሽን አይደለም። ምራቴ አንድም ጊዜ አልነካችውም፤ እኔ ነኝ በሰው ፊት የጠረጠርኳት፣ በሰው ፊት ነው የምመልሰው። ቀሚሶቹን ዛሬ በከረጢት ያጠበችው እሷ ናት። ዓይነ ርግቡንም በእጇ ያጠበችው እሷ ናት።»

አከራይዋ እጁን አየች፣ ባለቤቴን አየች። «ታዲያ እማማ፣ ከእንግዲህ ለማን ልስጥ?»

«ለኔ ነዋ። ከረጢት የሚችለውንና የማይችለውን ማን ይለይልሻል? እጁ የሷ ነው፣ ዓይኑ የኔ ነው።»

ባለቤቴ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ የጠፋ ካልሲ መፈለግ ጀመረች። ብዙ ፈለገች። ካልሲ የጠፋበት ደንበኛ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ማሽኑ ያኔ ዙሩን ጨርሶ ጸጥ አለ። ውስጡ ኋላ ላይ የመጣ አንድ የሐር ሸሚዝ ከነከረጢቱ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ያ ማሽን ቆሟል እኮ። ሐር እርጥብ እንደሆነ ከረጢት ውስጥ አይተኛም፤ ይጨማደዳል። አውጪልኝ።»

«መጣሁ እማማ» አለች ባለቤቴ ዓይኗን እየጠረገች፣ ማሽኑንም ከፈተችው።